ለጂም የሚጻፍ የማቋረጫ ደብዳቤ

ከሎስ አንጀለስ ወደ ላስ ቬጋስ የሚዛወር ሰው የመብራቱንና የኢንተርኔቱን ሂሳብ ይዘጋል፤ የጂሙን ግን ይረሳዋል። ወይም ሪሴፕሽን ላይ ላለችው ልጅ "ልሄድ ነው" ብሎ ይሰናበትና ያለቀ ይመስለዋል። ውሉ ማቋረጥ የሚቻለው በጽሑፍ ነው የሚል ከሆነ ግን የቃል ስንብት አይቆጠርም፤ ገንዘቡም በየወሩ ከካርዱ መቆረጡን ይቀጥላል።

ስለዚህ ዕቃ ከመታሸጉ በፊት የፈረሙትን ውል ፈልጎ ስለ ማቋረጥ የሚናገረውን አንቀጽ ማንበብ ያስፈልጋል። ለወር በወር አባልነት የተለመደው የ30 ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ነው። ትልቁ ነገር ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር ነው። ውሉ ጂሙ ደብዳቤውን ከተቀበለበት ቀን የሚቆጥር ከሆነ፣ የተጻፈበት ቀን ዋጋ የለውም። ክፍያው በየወሩ በ5ኛው ቀን ይቆረጣል እንበል። ደብዳቤው ጁን 2 ከደረሰ አባልነቱ ጁላይ 2 ያበቃል፤ የመጨረሻው ክፍያም የጁን 5ቱ ይሆናል። ጁን 8 ከደረሰ ግን ማብቂያው ወደ ጁላይ 8 ስለሚገፋ የጁላይ 5ቱም ይከፈላል። የስድስት ቀን መዘግየት የአንድ ወር ክፍያ ያስወጣል ማለት ነው።

ደብዳቤው አጭር ቢሆን ይሻላል። በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ ግን ይህን ይመስላል፦

"የአባልነት ቁጥሬ ከላይ ተጽፏል። ወደ ላስ ቬጋስ ስለምዛወር በውላችን የማቋረጫ አንቀጽ መሠረት የ30 ቀን ማስታወቂያዬን በዚህ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ። አባልነቴ ጁላይ 2 ያበቃል፤ የመጨረሻው ክፍያዬ የጁን 5ቱ ነው። ከዚያ በኋላ ከካርዴ ምንም እንዳይቆረጥ እጠይቃለሁ። የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ።"

ስም፣ ፊርማ፣ ቀንና አዲሱ አድራሻ ይከተላሉ። ቅጂ ያስቀሩና ውሉ ላይ ወደተጻፈው አድራሻ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ከመቀበያ ማረጋገጫው ጋር ይላኩት። ጂሙ መቼ እንደተቀበለ የሚመሰክርልዎ እሱ ነው። ደብዳቤ ሳይልኩ ካርድ ማዘጋት ግን አደገኛ ነው፤ ውሉ ስላልተቋረጠ ያልተከፈለው ዕዳ እየሆነ ይሄዳል፣ ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅትም ሊተላለፍ ይችላል።

ለዓመት የፈረሙ ሰዎች ጉዳይ ይለያል፤ በማስታወቂያ ብቻ መውጣት ላይችሉ ይችላሉና። እዚህ ላይ የሚያግዘው የካሊፎርኒያ ሕግ ነው። አባሉ ከጂሙ ከ25 ማይል በላይ ርቆ ከሄደና ውሉን ተመጣጣኝ ወደሆነ ሌላ ጂም ማዛወር ካልቻለ፣ ከመዛወሩ በኋላ ላለው ጊዜ አይከፍልም። አስቀድሞ የከፈለውም ይመለስለታል። ጂሙ በምትኩ እስከ 100 ዶላር፣ የውሉ ዘመን ከተጋመሰ ደግሞ እስከ 50 ዶላር ሊያስከፍል ይችላል። በዚህ መንገድ የሚወጣ ሰው ከደብዳቤው ጋር የአዲሱን ቤት የኪራይ ውል ቅጂ ቢያያይዝ ጥሩ ነው። ጂሙ ላስ ቬጋስ ውስጥ ተመጣጣኝ ቅርንጫፍ ካለውና ውሉን ወደዚያ ካዛወረለት ግን ይህ መብት አይሠራም፤ ይህን ከመጻፍ በፊት ማጣራት ይገባል።