አይቡ ለማን ይስማማል?

ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ የሚነፋ ሰው አይብ በጎመን በልቶ ምንም ሳይሰማው ሊውል ይችላል። የወተት አለርጂ ያለበት ሕፃን ግን ያንኑ አይብ በማንኪያ ጫፍ ቢቀምስ ከንፈሩ ሊያብጥ፣ ቆዳው በሽፍታ ሊሞላ፣ ከባሰም ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ሁለቱንም «ወተት አይስማማቸውም» እንላለን፤ የሚያውካቸው ነገር ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያውን የሚረብሸው የወተቱ ስኳር ሲሆን ሁለተኛውን የሚጎዳው ፕሮቲኑ ነው።

ስኳሩ ላክቶስ ይባላል። 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ የላም ወተት ውስጥ 12 ግራም ያህል ይገኛል። አንጀታችን ይህን ስኳር የሚመጠው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ለሁለት ከከፈለው በኋላ ነው። ሕፃናት ኢንዛይሙ ሞልቷቸው ይወለዳሉ፤ የእናት ጡት ወተት ላክቶስ ከላም ወተት ይበልጣልና ያስፈልጋቸዋል። ጡት ከተጣለ በኋላ ግን በአብዛኛው የዓለም ሕዝብ ዘንድ ኢንዛይሙ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በሽታ አይደለም፤ ተፈጥሮ ነው። ሳይከፈል የቀረው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ ውሃ ይስባል፣ ባክቴሪያዎችም እያብላሉ ጋዝ ያወጡበታል። ሆድ የሚነፋው፣ የሚጮኸውና የሚቆርጠው፣ አንዳንዴም ተቅማጥ የሚመጣው በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ወሳኙ መጠን ነው። ብዙዎቹ አንድ ብርጭቆ ወተት ከምግብ ጋር ቢወስዱ ይችሉታል፤ ሁለተኛው ብርጭቆ ነው የሚያስቸግራቸው። ማኪያቶ ላይ የምትፈስሰው ጥቂት ወተትማ አብዛኞቹን አትነካም። የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎችም ላክቶስን በየቀኑ ሲያገኙ ይለማመዱታል፣ ሲያጡት ልምዱን ይተዋሉ። ከሁዳዴ 55 ቀን በኋላ በፋሲካ ማለዳ ወተቱን በባዶ ሆድ የሚጨልጥ ሰው ሆዱ ሲታወክ ጥፋቱን ሁሉ በዶሮ ወጡ ላይ ባያላክክ ጥሩ ነው።

ላክቶስ ከወተት እንዴት እንደሚቀንስ ለማየት የገጠር እናቶችን የቅቤ አወጣጥ መከተል ይበቃል። በታጠነው ዕቃ ውስጥ የተጠራቀመው ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የእርጎው መኮምጠጥ የዚህ ምልክት ነው። እርጎ ውስጥ አሁንም ላክቶስ ይቀራል፤ ሆኖም ያልሞቱት ባክቴሪያዎች አንጀት ውስጥ ገብተው የቀረውን ለመክፈል ያግዛሉ። እርጎው ከተፈላ ይህ እገዛ ይጠፋል።

ሲናጥ ቅቤው ተለይቶ ይወጣል። ቅቤ በአብዛኛው ስብ ስለሆነ ላክቶሱ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሲነጠር ደግሞ ውሃው ተንኖ፣ ዝቃጩም ተለይቶ ከናካቴው ወደማይቆጠር ይወርዳል። የቀረው አሬራ ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፣ አጓቱም ይለያል። ላክቶስ በውሃ የሚሟሟ ነውና አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። አይቡ በደንብ በተጠነፈፈ ቁጥር ላክቶሱ ያንሳል። ለወራት የሚቆዩት እንደ ፓርሜዛን ያሉ ደረቅ የጣሊያን አይቦች ውስጥ ምንም አይቀርም ማለት ይቻላል። የዱቄት ወተት ግን ተቃራኒ ነው፤ የወጣው ውሃው ብቻ ስለሆነ ከሲሶው በላይ ላክቶስ ነው።

አሁን ወደ ፕሮቲኑ እንመለስ። አሬራው ሲሞቅ የሚቋጠረው ኬዚን የተባለው ዋናው የወተት ፕሮቲን ነው። ወተት ከመቶ 3 እጅ ያህል ፕሮቲን ሲኖረው አይብ ወደ 15 ይደርሳል። ስለዚህ ላክቶስ ለሚያስቸግረው ሰው የተሻለው ምግብ አለርጂ ላለበት የባሰው ነው። በአለርጂ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኑን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል፤ ለዚህም ጥቂት ጠብታ ሊበቃ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሕፃናት ላይ ሲሆን አብዛኞቹ እያደጉ ይተውታል።

ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በሱቅ የሚያገኙት «ከላክቶስ ነፃ» የሚል ወተትም እዚህ ላይ ያሳስታል። ፋብሪካው ላክቴዝ ጨምሮ ስኳሩን አስቀድሞ ስለከፈለው ወተቱ ትንሽ ይጣፍጣል፤ ፕሮቲኑ ግን እንዳለ ነው። የፍየል ወተትም መፍትሔ አይሆንም፤ ላክቶሱ ከላም ወተት ብዙም አያንስም፣ ፕሮቲኑም ስለሚመሳሰል አብዛኞቹን የላም ወተት አለርጂ ያለባቸውን ልጆች ያማል።

መለያው እንግዲህ ምልክቱ ነው። ችግሩ ሆድ ላይ ብቻ ከሆነና ከወተቱ መጠን ጋር የሚጨምር የሚቀንስ ከሆነ፣ በትንፋሽ ውስጥ ሃይድሮጅንን በሚለካ ምርመራ ላክቶስ መሆን አለመሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል። ልጅዎ ወተት ወይም አይብ በቀመሰ በደቂቃዎች ውስጥ ሽፍታ ካወጣ፣ ፊቱ ካበጠ ወይም ደጋግሞ ካስታወከ ግን ሐኪም ሳያየው በቤትዎ ደግመው አይሞክሩት። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ከደከመው አድሬናሊን መርፌ ያስፈልገዋል፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ያድርሱት።