ገና በአምስተኛው ሳምንት የሚጻፍ የልደት መልእክት

ሁለት ሰዎች መጠናናት ከጀመሩ ገና ወር እንዳለፋቸው የአንዳቸው ልደት ይደርሳል። ዝም ማለት ቅር ያሰኛል፤ ብዙ ማለት ደግሞ ያስደነግጣል። ግንኙነቱ ገና ስም አልወጣለትም። «ፍቅረኛዬ» ለማለት ይበዛል፣ «የማውቃት ልጅ» ለማለት ያንሳል። ስልኩን ይዞ እየጻፈ እያጠፋ የሚያመሽ ሰው የሚጠፋበት መጠኑ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች እንበል፤ ልጁ የተዋወቃት በጓደኛው ሠርግ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኙ ማኪያቶ ይጠጣሉ፤ ማታ ማታ በቴሌግራም ያወራሉ። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ይዟቸው አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠልለው ሳለ፣ አያቷ ዶሮዎቻቸውን እያንዳንዳቸውን በስም እንደሚጠሩ እየነገረችው ሁለቱም በሳቅ ፈርሰዋል። አሁን ልደቷ ደረሰ፤ ልጁም የመጀመሪያውን ጻፈ፦

«የሕይወቴ ብርሃን፣ አንቺን ካወቅኩ ወዲህ ሕይወቴ ትርጉም አገኘ። ያለ አንቺ መኖር አልችልም። ፈጣሪ ለእኔ ብሎ ነው የፈጠረሽ። ገና ብዙ ልደትሽን ከልጆቻችን ጋር አብረን እናከብራለን። እንኳን ተወለድሽልኝ የኔ ንግሥት።»

ልጁ ይህን የጻፈው ከልቡ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ያለው ተቀባይዋ ዘንድ ነው። ልጆች፣ ብዙ ልደት፣ ያለ አንቺ አልኖርም የሚሉት ሁሉ መልስ የሚጠይቁ ናቸው። ልጅቷ ገና ስለ እሱ እያሰበች ነው፤ በልደቷ ጠዋት ግን ወይ እኩል መመለስ አለባት፣ ወይ «አመሰግናለሁ» ብቻ ብላ ልታሳፍረው ነው። ከዚህም በላይ በመልእክቱ ውስጥ እሷ የለችም። ስለ ዶሮዎቹም ሆነ ስለ ቅዳሜው የሚያነሳ አንድ ቃል የለውም፤ ለሌላ ሴት ቢላክም ይሄዳል። ይህን እሷም ወዲያው ታውቀዋለች፤ እንዲህ ያለው መልእክት ከቴሌግራም ቻናል ተቀድቶ የሚላክ እንደሆነ የማያውቅ የለምና።

«እንኳን ተወለድሽልኝ» የሚለውም በዚህ ደረጃ ቆም ብሎ መታየት አለበት። እናት ለልጇ፣ ባል ለሚስቱ ሲሉት ያምራል፤ የእኔ ነሽ የሚል ስሜት አለበትና። በአምስተኛው ሳምንት «እንኳን ተወለድሽ» ይበቃል፤ ሙቀቱም አይቀንስም። «ውዴ»፣ «ማሬ»፣ «ዓለሜ» የሚባሉትም እንደዚያው ናቸው። በወትሮው ጨዋታ ካልተባባሉት በልደት ቀን አይጀመርም። በስሟ መጥራት፣ ወይም እሷ ራሷ የነገረችውን የቤት ስም መጠቀም ይሻላል።

በሌላው ጫፍ ደግሞ «መልካም ልደት» ብሎ የኬክ ምስል ለጥፎ መተው አለ። ይህን የሥራ ባልደረባዋም፣ የድሮ የክፍል ጓደኛዋም ይልኩላታል። በየማታው ሲያወራት ከከረመ ሰው ሲመጣ «ምን ነካው?» ያሰኛል።

አሁን የልጁን ሁለተኛ ጽሑፍ እንይ፦

«እንኳን ተወለድሽ! የአያትሽ ዶሮዎች ነገር እስካሁን ብቻዬን ያስቀኛል። ከአንቺ ጋር ሳወራ ሰዓቱ አይታወቀኝም። ጤናና ደስታ ይብዛልሽ፣ ቀንሽም ያማረ ይሁን። ከሥራ ስትወጪ ካልደከመሽ ኬክና ማኪያቶ በእኔ ነው፤ ካልተመቸሽም ለቅዳሜ ይቆየናል።»

በዶሮዎቹ የሚጀምረው ዓረፍተ ነገር ሌላ ማንም ሊጽፈው አይችልም። ስትናገር ይሰማት እንደነበር፣ እንዳልረሳውም ያሳያል፤ ይህ ከማንኛውም ውዳሴ ይበልጣል። «ሰዓቱ አይታወቀኝም» ያለው ስለ ዛሬ ስሜቱ ነው፤ ስለ ነገ ምንም ቃል አይገባም፣ እሷንም ቃል አያስገባም። ምርቃቱም በቦታው ነው። አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው፦ ሰው ስለ ራሱ ስሜት ብዙ ሳያወራ በምርቃት ብቻ መልካም መመኘት ይችላል፤ ተቀባዩም «አሜን» ብሎ በቀላሉ ይመልሳል። ብቻ በአንድ ይበቃል። ሦስትና አራት ሲደረደር የሽማግሌ ምርቃት ይመስላል።

እኔ በጣም የምወደው ግን የመጨረሻውን ነው፤ ግብዣው መውጫ አለው። በልደቷ ምሽት ከቤተሰቧ ወይም ከቆዩ ጓደኞቿ ጋር ልትሆን ትችላለች፣ እሱ ደግሞ ለእነሱ ገና አልተዋወቀም። ቅዳሜን አብሮ ሲጠቅስላት እንቢ ማለት ሳይጠበቅባት ሌላ ቀን ትመርጣለች። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለና የምትጾም ከሆነ ደግሞ ኬኩና ማኪያቶው የጾም መሆን አለባቸው፤ ይህን አስቦ መጻፍ ብቻውን እንደሚያውቃት ይናገራል።

ሴቷ ለወንዱ ስትጽፍም መንገዱ ያው ነው። ብዙ ሴቶች ቀድመው የቸኮሉ እንዳይመስሉ ፈርተው እጅግ ያሳጥሩታል። ግን «እንኳን ተወለድክ! ያን ቀን ታክሲ እስካገኝ ድረስ አብረኸኝ መቆምህ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስ የሚል ቀን ይሁንልህ» ማለት መቸኮል አይደለም። የሆነን ነገር መጥቀስ ነው።

ቀኑን መሳት ከቃላቱ በላይ ይጎዳል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ለመሳት ቀላል ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1992 የተወለደች ልጅ ልደቷ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 21 ቀን 1999 ነበር፤ ፓስፖርቷ ላይም እሱ ይጻፋል። በአብዛኛው ዓመት ግን ጥቅምት 10 የሚውለው ኦክቶበር 20 ነው። ጳጉሜን ስድስት ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ብቻ ነው ወደ 21 የሚሻገረው። ስለዚህ ፌስቡክ የሚያሳየው ቀንና እናቷ ቡና የምታፈላበት ቀን ላይገጥሙ ይችላሉ። ሳምንት ሲቀረው በጨዋታ መሀል «ልደትሽን የምታከብሪው በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ቀድሞ ለመድረስ የሚሯሯጥ ብዙ ነው። ከቤተሰቧ ጋር የምትኖርና ከእህቷ ጋር አንድ ክፍል የምትተኛ ልጅ ግን በዚያ ሰዓት ስልኳ ሲጮህ ማን እንደሆነ መናገር ይኖርባታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ወደ ሥራ ስትሄድ ቢደርሳት ተረጋግታ ታነበዋለች። መልእክቱም ለእሷ ብቻ ይላክ። ፎቶዋን ስቶሪ ላይ ለጥፎ «እንኳን ተወለድሽ» ማለት ለአጎቷም፣ ለጎረቤቷም ስለ ግንኙነቱ መንገር ነው፤ ያን የምትናገርበትን ጊዜ እሷ ራሷ ትምረጥ።

ከተላከ በኋላ መታገስ ያስፈልጋል። «አሜን፣ አመሰግናለሁ» ብላ ዝም ብትል፣ የዚያን ቀን ስልኳ ፋታ እንደሌለው መገመት ይቻላል። «አልወደድሽውም?» ብሎ መከታተል ቀላሉን መልእክት ወደ ከባዱ ይለውጠዋል። ልደቷ ካለፈ በኋላ የሰማ ሰው ደግሞ ረጅም ይቅርታ አይጻፍ። «ትናንት እንደነበር አሁን ነው የሰማሁት፤ እንኳን ተወለድሽ! እንዴት ዋልሽ?» ብሎ ይጠይቅና ስለ ቀኗ እሷ ታውራለት።