ደብዳቤው ሣጥን ውስጥ ሲገባ

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የፈለገ ሰው ሲቪ ምን እንደሚመስል አያጣውም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሦስት አራት ገጽ ነው፤ የቅርቡ ሥራ ከላይ ይቀመጣል፣ መጨረሻው ላይ የሦስት ምስክሮች ስምና ስልክ ይደረደራል። ከፊቱ አንድ ገጽ ሙሉ የማመልከቻ ደብዳቤ አለ። ይህን ይዞ ጃፓንኛ ተርጓሚ ዘንድ የሄደ ሰው፣ ተርጓሚው ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ፣ ወረቀቱ መጀመሪያ ሲፈርስ ያያል።

ጃፓን ውስጥ የሚቀርበው ሪሬኪሾ የሚባል ቅጽ ነው። መስመሩ ተሰምሯል፣ ሣጥኑ ተቀምጧል፤ አመልካቹ ይሞላዋል እንጂ አይነድፈውም። የጃፓን የጤና፣ የሠራተኛና የደኅንነት ሚኒስቴር በ2021 ባወጣው ናሙና የፆታ ሣጥን በፈቃድ የሚሞላ ሆኗል፤ ባለትዳር ነህ ወይ የሚለውም ጥያቄ ወጥቷል። ፎቶው ግን አለ። እኛ ሦስት በአራት የምንለው ጉርድ ፎቶ ነው፤ ባለፉት ሦስት ወራት የተነሳ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ። ምስክሮች የሚጻፉበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ እነዚያ ሦስት ስልኮች ይቀራሉ።

ከባዱ ዘመኑ ነው። ቅጹ ላይ ዓመት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ስም መጻፍ የተለመደ ነው። ሄይሴይ በ1989 ጀምሮ ሚያዝያ 2019 ሲያበቃ ሬይዋ ተተካ። ከፈረንጆቹ ዓመት 1988 ቢቀነስ ሄይሴይ፣ 2018 ቢቀነስ ሬይዋ ይገኛል። በፈረንጆቹ ዓመት መጻፍም ይቻላል፤ የማይቻለው አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ማደባለቅ ነው። ለእኛ ሰው ደግሞ ሒሳቡ ሁለት ጊዜ ነው።

አንድ ሲቪል መሐንዲስ እንውሰድ። የተወለደው ታኅሣሥ 12 ቀን 1988 ነው እንበል። ይህ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 22 ቀን 1995፣ በጃፓን ሄይሴይ 7 ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የተመረቀው ሐምሌ 2010፣ ማለትም ጁላይ 2018 ስለሆነ ሄይሴይ 30 ይሆናል። በማግሥቱ መስከረም ሥራ ይዞ በሰኔ 2014 ለቀቀ፤ ያ ሬይዋ 4 ነው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጃፓን ገብቶ ሁለተኛ ዲግሪውን በሴፕቴምበር 2024፣ በሬይዋ 6 ጨረሰ።

ይህን ቅጹ ላይ ሲያሰፍር ትምህርቱ ሁሉ አስቀድሞ፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መግቢያው ጀምሮ፣ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ይወርዳል። ሥራው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ዲግሪው ከሥራው በኋላ ቢመጣም ከሥራው በላይ ይጻፋል። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው አለቃው ምንም ያድርገው ምን የሚጽፈው አንድ የታወቀ ሐረግ ነው፤ ትርጉሙ «በግል ጉዳይ ምክንያት ለቀቅሁ» ነው። መጨረሻ ላይ በቀኝ በኩል «ኢጆ»፣ ማለትም «እዚህ ላይ አበቃ» ይባላል። ይህች ቃል ከጎደለች አንባቢው ዝርዝሩ ያላለቀ ይመስለዋል። መሐንዲሱ ሥራው ላይ በትክክል ምን እንደሠራ የሚያብራራው ሾኩሙ ኬይሬኪሾ በሚባል ሌላ ወረቀት፣ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ነው።

ስሙም የራሱ ጣጣ አለው። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ የለንም። መፍትሔው የመኖሪያ መታወቂያው ላይ ያለውን ቅደም ተከተል መከተል ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በአባቱ ወይም በአያቱ ስም ቢጠራው ግን መልመድ ነው። ስሙ በካታካና ሲጻፍ እንደ ፊደላችን እያንዳንዱ ምልክት አንድ ቀለም ይይዛል፤ ሳድስ ግን የለውም። ግርማ «ጊሩማ» ይሆናል። አንዴ የተመረጠው አጻጻፍ ቅጹም ላይ፣ የባንክ ደብተሩም ላይ ያው መሆን አለበት።

የማመልከቻ ደብዳቤውስ? ሺቦ ዶኪ በሚባል ትንሽ ሣጥን ይገባል፤ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 300 የጃፓን ፊደል ነው። እንግሊዝኛው «ታታሪ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የምችል፣ ለታላቁ ድርጅትዎ ተመራጭ ሰው ነኝ» ይል ነበር። ይህ ቃል በቃል ቢተረጎም ሰዋስዉ ልክ ሆኖ ሰውየው ጉረኛ ይሆናል። ሣጥኑ የሚጠይቀው ለምን እኛን መረጥክ ብሎ ነው። መሐንዲሱ ድልድይ ለሚጠግን ድርጅት ሲያመለክት እንዲህ ቢል ይሻላል፦ «መንገድ ሥራ ላይ የኮንክሪት ጥራት ስቆጣጠር በወጉ ውሃ ያልጠጣ ኮንክሪት ቶሎ ሲሰነጠቅ አይቻለሁ። በሁለተኛ ዲግሪዬ ያጠናሁትም የስንጥቅ ፍተሻን ነው። ያረጁ ድልድዮችን ከማፍረስ ይልቅ በመጠገን የሚሠራው ድርጅትዎ ውስጥ ይህን ልምድ ፍተሻው ላይ ላውለው እፈልጋለሁ።»

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ድርጅትዎ የሚለው በጽሑፍ «ኪሻ» ነው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ «ኦንሻ» ይሆናል። ሁለቱን ያቀያየረ ወዲያው ይታወቅበታል። ሌላው «ከእናንተ መማር እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ለእኛ ትሕትና ነው፤ ልምድ ያለው ሠራተኛ የሚፈልግ ጃፓናዊ ቀጣሪ ግን እኛ ትምህርት ቤት አይደለንም ይላል።

የመጨረሻው ሣጥን የአመልካቹን ፍላጎት ይጠይቃል። ደመወዝ የሚጻፍበት የሚመስለው ብዙ ነው። የተለመደው መልስ «በድርጅቱ ደንብ እመራለሁ» የሚል ሲሆን፣ የውጭ አገር ሰው ከሥሩ የመኖሪያ ፈቃዱን ዓይነትና ማብቂያውን ይጨምራል።

በእጅ የሚጽፍ ሰው አንድ ፊደል ከሳተ በነጭ ቀለም አይሸፍንም። አዲስ ቅጽ አውጥቶ ከስሙ ይጀምራል።