የዋናተኛ ሕግ ግድግዳው ላይ ይታያል

ሐምሌ 27 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የተደረገውን የሴቶች የ200 ሜትር ድብልቅ ዋና የፍጻሜ ውድድር በቴሌቪዥን ተመልክተው እንደ ሆነ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አይተዋል። አሜሪካዊቷ አሌክስ ዋልሽ ሦስተኛ ሆና ግድግዳውን ነካች። ጥቂት ቆይቶ ግን ውጤቷ ተሰረዘና የነሐሱ ሜዳሊያ ለአውስትራሊያዊቷ ለኬይሊ ማኪዮን ተሰጠ። ዋልሽ ማንንም አልገፋችም፤ ከፊሽካውም ቀድማ አልዘለለችም። ጥፋቷ ከጀርባ ቀዘፋ ወደ ደረት ቀዘፋ ስትሻገር፣ እጇ ግድግዳውን በነካበት ቅጽበት በጀርባዋ ላይ አልነበረችም የሚል ነበር።

ከውሃው ዳር ለተቀመጠ ተመልካች ይህ ጥቃቅን ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዋና በአራት ዓይነት መከፈሉን ማን ይጠብቀዋል ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ የሚገኘው እዚያው ግድግዳው ዘንድ ነው። በገንዳው መካከል አራቱን ቀዘፋዎች ሕፃን ልጅም ይለያቸዋል። ዋናተኛው ለመዞር ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ግን የሚለያያቸው ሕጉ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰረዘውም በዚህ ቦታ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን በደንብ ከምናውቀው እንጀምር። ይኸውም ነፃ ቀዘፋ ወይም ብዙዎቻችን እንደምንጠራው ፍሪስታይል ነው። በ2004 ዓ.ም. በለንደን ኦሊምፒክ አገራችንን የወከሉት ሙሉዓለም ግርማና ያኔት ሥዩም የተወዳደሩት በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ነበር። የኦሊምፒክ ገንዳ ርዝመቱ 50 ሜትር ስለ ሆነ በዚህ ርቀት የሚወዳደር ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዋኛል እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ አይዞርም። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. በሪዮ የ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ የዋኘው ሮቤል ኪሮስ ግን አንድ ጊዜ መዞር ነበረበት። የጨረሰበት ጊዜ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ነበር፤ የፍጻሜው አሸናፊ አውስትራሊያዊው ካይል ቻልመርስ የጨረሰው በ47.58 ሰከንድ ነው። የዓለም ጋዜጦች ያን ጊዜ ስለ ሮቤል ሰውነት ብዙ ጻፉ፤ ስለ መዞሩ የጻፈ ግን አላየሁም። ለእኔ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም 100 ሜትር ከ50 ሜትር የሚለየው በርቀቱ እጥፍ መሆን ብቻ ሳይሆን መካከሉ ላይ ግድግዳ ስላለ ነው።

ነፃ ቀዘፋ ስሙ እንደሚለው ነፃ ነው። ሕጉ ዋናተኛው እንደ ፈለገ እንዲዋኝ ይፈቅዳል። ሁሉም በደረቱ ተኝቶ እጆቹን ተራ በተራ እየወረወረ፣ እግሮቹንም ተራ በተራ እየመታ የሚሄደው ከዚህ የሚፈጥን አካሄድ ስላልተገኘ ነው እንጂ ታዝዞ አይደለም። ቢደክመው በገንዳው ወለል ላይ ቆሞ ትንፋሹን መሰብሰብ እንኳ ይችላል፤ አንድ እርምጃ ቢራመድ ግን ይሰረዛል። ግድግዳው ዘንድ የሚጠየቀው በማንኛውም የሰውነቱ ክፍል እንዲነካ ብቻ ነው። ስለዚህ እጁን መዘርጋት ትቶ በእግሩ ይነካል።

ይህ እንዴት እንደሚደረግ እነሆ። በገንዳው ወለል ላይ የተሰመረው ጥቁር መስመር ከግድግዳው 2 ሜትር ሲቀር ያበቃል፤ በጫፉም ላይ አግድም መስመር አለ። ዋናተኛው ይህን ምልክት ሲያይ የመጨረሻውን ቀዘፋ ቀዝፎ አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፤ ውሃ እንዳይገባበት በአፍንጫው አየር እያስወጣ በውሃ ውስጥ ይገለበጣል። እግሮቹ ከላይ ዞረው ውስጥ እግሩ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ እንደ ወንበር ተቀማጭ ታጥፎ መገኘት አለበት። በጣም ተጠግቶ ከተገለበጠ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ይጣበቅና የሚገፋበት ኃይል ያጣል። በጣም ርቆ ከተገለበጠ ደግሞ እግሩ ግድግዳውን ሳያገኝ ባዶ ውሃ ይረግጣል፤ ያን ጊዜ ተመልሶ መንካት ይኖርበታል፤ አለዚያ ይሰረዛል። ግድግዳውን ገፍቶ ከወጣ በኋላ በውሃ ውስጥ መጓዝ የሚፈቀድለት እስከ 15 ሜትር ብቻ ነው። ለጀማሪ አስቸጋሪው ነገር ትንፋሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህም እዚህ የሚማር ሰው ከመገልበጡ በፊት ራሱን ከፍ አድርጎ ተጨማሪ አየር ለመሳብ ይፈተናል። ራሱን ከፍ ባደረገ ቁጥር እግሩ ይሰምጣል፤ ፍጥነቱም እዚያው ያልቃል።

ወደ ደረት ቀዘፋና ወደ ቢራቢሮ ቀዘፋ ስንመጣ ነፃነቱ ያበቃል። በደረት ቀዘፋ ሁለቱ እጆች አብረው ወደ ፊት ይዘረጋሉ፤ አብረው ይከፈታሉ፤ አብረውም ይሰበሰባሉ። ክርኖቹ ከውሃ በላይ አይወጡም፤ እግሮቹም እንደ እንቁራሪት ወደ ውጭ እየዞሩ ይገፋሉ። በቢራቢሮ ቀዘፋ ደግሞ ሁለቱ ክንዶች አብረው ከውሃው በላይ ይወረወራሉ፤ ሁለቱ እግሮች እንደ ዓሣ ጅራት አብረው ከፍና ዝቅ ይላሉ።

እነዚህ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በ1944 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የወንዶች 200 ሜትር ደረት ቀዘፋ ያሸነፈው ጆን ዴቪስ ክንዶቹን እንደ ቢራቢሮ ከውሃው በላይ እየወረወረ ነበር የዋኘው፤ የጊዜው ሕግ አልከለከለውምና። በኋላ ሁለቱ ተለያዩና ቢራቢሮ ቀዘፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ውድድር የሆነው በኅዳር 1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ነው። ይህ ኢትዮጵያ ማሞ ወልዴንና ጓደኞቹን ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ኦሊምፒክ ነው። በዚያው ውድድር ጃፓናዊው ማሳሩ ፉሩካዋ የደረት ቀዘፋውን አብዛኛውን መንገድ በውሃ ውስጥ ተደብቆ ዋኝቶ ወርቁን ወሰደ፤ ሕጉም ተመልሶ ተጠበበ። ስለዚህ ዛሬ በደረት ቀዘፋ የዞረ ሰው በውሃ ውስጥ የሚፈቀድለት ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። አንድ ጊዜ እጆቹን እስከ ጭኑ ድረስ ይስባል፤ አንድ ጊዜ እንደ ቢራቢሮ ይመታል፤ አንድ ጊዜ እንደ እንቁራሪት ይገፋል፤ ከዚያም በሁለተኛው ቀዘፋ እጆቹ ሰፍተው ወደ ውስጥ ከመዞራቸው በፊት ራሱ ከውሃው በላይ መታየት አለበት።

በሁለቱም ቀዘፋዎች በእያንዳንዱ መዞሪያና በፍጻሜው ግድግዳው የሚነካው በሁለት እጅ፣ በአንድ ጊዜ፣ እጆቹም ሳይደራረቡ ነው። አንዱ እጅ ከፍ ሌላው ዝቅ ቢል ግድ የለም፤ ጊዜያቸው ግን አንድ መሆን አለበት። ይህ ለምን አስፈለገ ይሉ ይሆናል። አንድ እጅ ብቻ የሚዘረጋ ሰው ትከሻውን አዘንብሎ ከሁለት እጅ ዘርጊው ይልቅ ሩቅ ይደርሳል፤ ሰውነቱንም ወደ ጎን ስላዞረ መመለሻውን ቀድሞ ጀመረ ማለት ነው። አካሉ በገንዳው መካከል ቀኝና ግራው እኩል ሆኖ እንዲሄድ የታዘዘ ሰው ግድግዳው ዘንድ ትእዛዙን እንዲጥስ አይፈቀድለትም።

የሚያስቸግረው ግን የጣሰው ሰው ራሱ አለማወቁ ነው። እኔ ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ የማስተምራቸው ልጆች ይህን ለማመን እምቢ ስላሉኝ በአጥራችን ቆርቆሮ ላይ ፈተንነው። እርስዎም አየር ጤና ይኑሩ ቤቴል፣ ገንዳ ሳያስፈልግዎ ሊሞክሩት ይችላሉ። ሁለት እርምጃ ርቀው ይቁሙና በፍጥነት ወደ ቆርቆሮው ተንደርድረው በሁለት እጅ ይምቱት፤ ሌላ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ። አብረው ካረፉ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ካልሆነ ሁለት። ከልጆቹ አብዛኞቹ በመጀመሪያው ሙከራ ሁለት ድምፅ አሰሙ፤ ሁሉም ግን አብሬ ነው የመታሁት ብለው ይምሉ ነበር። ሰው የሚፈጥን እጁን ሳያውቀው ያስቀድማል፤ በተለይም ወደየት በኩል እንደሚዞር አስቀድሞ ካሰበ። ገንዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ስለማይሰማ በመዞሪያው ጫፍ የቆመው ዳኛ በዓይኑ ይፈርዳል።

የጀርባ ቀዘፋ የራሱ ጣጣ አለው። ዋናተኛው ሰማይ እያየ ስለሚሄድ ግድግዳው አይታየውም። ስለዚህ ከግድግዳው 5 ሜትር ላይ ከገንዳው በላይ በገመድ የተንጠለጠሉ ትናንሽ ባንዲራዎች ይደረጉለታል፤ ከባንዲራዎቹ እስከ ግድግዳው ስንት ቀዘፋ እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ቆጥሮ ያውቃል። እስከ 1983 ዓ.ም. ገደማ ድረስ በጀርባው እንደ ተኛ በእጁ መንካት ነበረበት። ዛሬ ግን ለመዞር ሲል በደረቱ መገልበጥ ተፈቅዶለታል፤ አንድ ጊዜ ሳያቋርጥ ቀዝፎ ወዲያው እንደ ነፃ ቀዘፋ ዋናተኛ ይገለበጥና በእግሩ ነክቶ፣ እንደገና በጀርባው ሆኖ ግድግዳውን ይለቃል። ቆጠራው ተሳስቶ ገና ሩቅ ሳለ በደረቱ ከተገለበጠ ግን ችግር ነው። ግድግዳው እስኪደርስ ድረስ ዝም ብሎ ቢንሳፈፍ ወይም እግሩን እየመታ ቢጠጋ መዞሩ ተቋርጧልና ይሰረዛል።

አሁን ወደ ዋልሽ እንመለስ። በ200 ሜትር ድብልቅ ዋና አንድ ሰው 50 ሜትር ቢራቢሮ፣ 50 ሜትር ጀርባ፣ 50 ሜትር ደረትና 50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ይዋኛል። በኦሊምፒክ ገንዳ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ሦስቱም መዞሪያዎች ቀዘፋ የሚለወጥባቸው ናቸው። ሕጉ እያንዳንዱ ቀዘፋ በራሱ ሕግ ይፈጸም ይላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ግድግዳ በሁለት እጅ ይነካል፤ ቢራቢሮው አበቃ፤ ዋናተኛዋ በጀርባዋ ሆና ትወጣለች። ሦስተኛውም እንዲሁ በሁለት እጅ ነው፤ የደረት ቀዘፋ መጨረሻ ነውና።

ሁለተኛው ነው ወጥመዱ። ዋናተኛዋ ሌላ ቀን 200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ብቻ ብትወዳደር በዚያው ግድግዳ ዘንድ በደረቷ ተገልብጣ በእግሯ መንካት ይፈቀድላታል። በድብልቁ ግን ግድግዳው መዞሪያ ብቻ ሳይሆን የጀርባ ቀዘፋው ፍጻሜም ነው፤ ፍጻሜው ደግሞ በጀርባ እንደ ተኙ ነው የሚነካው። ጊዜ ለመቆጠብ ስትል ትከሻዋን እያዞረች ትመጣለች፤ ይህ በልክ ከሆነ የተፈቀደ ነው። ልኩም ትከሻው ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ ነው። እጇ ከመንካቱ በፊት ትከሻው ከዚያ አልፎ ወደ ደረት ካዘነበለ፣ ጣቷ ግድግዳውን የነካው በደረት የሄደች ሴት ጣት ሆነ ማለት ነው። ካናዳዊቷ ሰመር ማኪንቶሽ ያን ምሽት በ2 ደቂቃ ከ6.56 ሰከንድ አሸነፈች፤ ዋልሽ ግን ጊዜዋም ደረጃዋም አልተመዘገበላትም።

ሌላ ጊዜ ድብልቅ ዋና ሲታይ ካሜራው መሪዋን ሲከተል እርስዎ ዓይንዎን ከሁለተኛው ግድግዳ ላይ አያንሱ። እጇን ሳይሆን ትከሻዋን ይመልከቱ።