ከአንድ መስመር ሐሳብ ወደ መክፈቻ ትዕይንት

«የሰፈር እቁብ ገንዘብ ያዥ የአባላቱን ብር ለግል ችግሯ አዋለችው።» ይህ የአጭር ልብ ወለድ መነሻ ሐሳብ ነው፤ ትዕይንት ግን ገና አይደለም። ምን እንደተፈጸመ ይናገራል እንጂ መቼ እንደሚታወቅ፣ ማን እንደሚያውቀውና ሲታወቅ ምን እንደሚጠፋ አይናገርም። የመክፈቻ ትዕይንት የሚሠራው እነዚህን ሦስት ክፍተቶች በመሙላት ነው።

መጀመሪያ ሐሳቡ ራሱ ይፈተናል። ሳምንታዊ እቁብ ላይ ገንዘቡ ተሰብስቦ ባለዕጣው በዚያው ቀን የሚወስደው ከሆነ ገንዘብ ያዥዋ እጅ ላይ አያድርም፤ ታሪኩም አይነሳም። ባለዕጣው ዋስ አጥቶ ከሆነ ግን ብሩ ዋስ እስኪመጣ እሷ ዘንድ ይቆያል። ሠላሳ አባላት ሁለት ሁለት ሺህ ቢጥሉ 60,000 ብር ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። በዚያው ሳምንት ወንድሟ ሆስፒታል ይገባል፤ ማስያዣ ይጠየቃል። ዋስ የመጥራት ልማድ እዚህ ላይ የታሪኩ ሰዓት ቆጣሪ ይሆናል፦ ዋሱ የመጣ ዕለት ገመናው ይገለጣል።

ስለዚህ ትዕይንቱ የሚጀምረው ብሩ ከተወሰደበት ቀን ሳይሆን ዋሱ በር ላይ ከቆመበት ደቂቃ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ ከሆስፒታሉ ይነሳል፤ የወንድምየውን ሕመም፣ የሴትየዋን ድህነት፣ የእቁቡን አመሠራረት ይተርካል። ይህ ሁሉ እውነት ቢሆንም አንባቢ ገና የሚፈራው ነገር ስላላገኘ እንደ መግለጫ ያነበዋል። ፍርሃቱ ከቀደመ ግን ያው መረጃ በኋላ በጉጉት ይፈለጋል።

በዚህ መንገድ የተጻፈ መክፈቻ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ደምሴ ዋሱን አስከትሎ ሲገባ አስካለ ቡና እየቆላች ነበር። ‹ጋሽ መኩሪያ ፈርመውልኛል። ሱቁ ሳይዘጋ ለቆርቆሮው ልድረስ፤ ሰማዩን አየሽው?› አላት። አስካለ ዓይኗን ከምጣዱ ሳትነቅል ‹ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም› አለች። ሳጥኑ አልጋው ሥር ነው። ውስጡ አንድ የሆስፒታል ደረሰኝ ብቻ አለ። ቡናው ማረር ጀመረ።»

እዚህ ላይ «አስካለ ተጨነቀች» የሚል ቃል የለም። ጭንቀቱን የያዘው ግብዣው ነው። እንግዳን ቡና ሳያጠጡ አለመሸኘት ደግነት ነው፤ በዚህች ሴት አፍ ግን ጊዜ መግዣ ሆኗል። አንባቢ ሁለቱንም ትርጉም ስለሚሰማ አቦሉ፣ ቶናውና በረካው እያንዳንዳቸው የቀራትን ጊዜ ይለኩለታል። ደረሰኙም ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ብሩ መጥፋቱንም የት እንደገባም ያለ ማብራሪያ ያሳያል።

የሚጠፋውን ነገር ክብደት ደግሞ ደምሴ ይዞታል። ቆርቆሮ ሊገዛ ነው፤ ዝናብ መጥቷል። እሱ ክፉ አበዳሪ ቢሆን ኖሮ አንባቢ በቀላሉ ለአስካለ ያዳላ ነበር፤ ቤቱ የሚያፈስ ጎረቤት በመሆኑ ግን ምንም ቢወሰን አንድ ሰው ይጎዳል። «ብዙ ነገር ታጣለች» ከሚል ዓረፍተ ነገር ይልቅ ያልተከደነ ጣራ ይከብዳል።

ተቃራኒው ስህተትም የተለመደ ነው፦ ከመጀመሪያው መስመር ጩኸት፣ እንባ፣ ፖሊስ። ጥሉ ሞቅ ያለ ቢሆንም ተጣዪዎቹ ለአንባቢ ገና ባዕድ ናቸው። ሌላው ደግሞ ሳጥኑ ባዶ መሆኑን እስከ መጨረሻ ደብቆ ማስደነቅ ነው። ድንጋጤ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ደረሰኙን ቀድሞ ያየ አንባቢ ግን በእያንዳንዱ ሲኒ ይጨነቃል። ለእንዲህ ያለ ታሪክ ቀድሞ ማሳየቱ ይሻላል።

ፍራንዝ ካፍካ በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሜታሞርፎሲስ» መነሻ ሐሳቡ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው፤ አንድ ሰው ጧት ሲነቃ ግዙፍ ነፍሳት ሆኗል። ሆኖም መክፈቻውን የሚያስጨንቀው በአመዛኙ ባቡር ነው። ግሬጎር ሳምሳ ለአራት ሰዓት ንጋት የሞላው ደውል አልፎት ስድስት ተኩል ሆኗል (በአውሮፓ አቆጣጠር)፤ ወላጆቹ የአለቃው ባለዕዳ ናቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ከመሥሪያ ቤቱ ሰው መጥቶ በሩ ላይ ይቆማል። ሰዓት፣ ዕዳ፣ በር ላይ የቆመ ሰው፤ የአስካለም መክፈቻ የቆመው በእነዚሁ ነው።

ረጅም ልብ ወለድ ከዚህ ሊለይ ይችላል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ከበዛብህ ወላጆች ታሪክ ተነስቶ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ያን ያህል ገጽ ያለው መጽሐፍ ትዕግሥት መጠየቅ ይችላል። አሥር ገጽ ያለው አጭር ልብ ወለድ ግን ሁለቱን ለወላጆች ታሪክ ከሰጠ ደምሴ በሩ ላይ ሳይደርስ የወረቀቱ አንድ አምስተኛ ያልቃል።