ለግቢው አማካሪ የተጻፈች አጭር ደብዳቤ

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ለግቢው አማካሪ የምትጽፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ ሦስት ገጽ ሊሞላ ይችላል። ከልጅነቷ ትጀምራለች፣ የቤተሰቧን ችግር ትዘረዝራለች፣ ደጋግማ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ቀጠሮ መጠየቁን ግን ትረሳዋለች። የሚጠቅማት አጭሩ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ከሚድ ፈተና ወዲህ፣ አምስት ሳምንት ሆኖኛል፣ ሁሉም ነገር በአንዴ ተጭኖኛል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በፊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ሁለት አሳይመንት አላስረከብኩም፤ ደብተሬን ስከፍት ልቤ ይመታል። አማካሪ ጋር ሄጄ አላውቅም። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍል የለኝም። ቀጠሮ ቢሰጡኝ።»

«ተጨንቄያለሁ» ብቻ ብትል ኖሮ አማካሪው የፈተና ሰሞን ፍርሃት ይሁን ሌላ ነገር መለየት ይቸግረዋል። አምስቱ ሳምንት ችግሩ እንደቆየ፣ እንቅልፉና አሳይመንቱ ደግሞ ኑሮዋን እንደነካ ይነግሩታል። ነፃ ሰዓቷን መጥቀሷም መመላለስን ያስቀራል።

ታሪኩ ለቀጠሮው ይቆያል። የመጀመሪያው ቀን ባብዛኛው ጥያቄ ነው፦ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ትምህርት፣ ቤተሰብ፣ የቅርብ ጓደኛ። እሷም ገና ስትቀመጥ «የምነግርዎትን ሌላ ሰው ይሰማዋል?» ብላ ልትጠይቅ ይገባል። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ገደብ አለው።

ደብዳቤ መልስ እስኪያገኝ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ወረቀት አይጠበቅም፤ የዶርም ጓደኛን ቀስቅሶ በዚያው ሰዓት ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።