ሁለት መልስ ወጥቶ አንዱ ሲጣል

ይህችን እኩልዮሽ ተመልከቱ፦

log₂(x) + log₂(x − 6) = 4

በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ወርክሺቶች ላይ፣ ጥያቄዎቹ ከበድ ማለት ሲጀምሩ፣ የዚህች እኩልዮሽ ዘመዶች ብቅ ይላሉ። ጎበዝ ተማሪ በአምስት መስመር ይጨርሳታል። 8 እና −2 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ያገኛል፤ −2ን ይሰርዝና «የኔጋቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም የለም» ብሎ ጽፎ ሙሉ ማርክ ይወስዳል። «የምትሰርዘው ቁጥር መጀመሪያውኑ ከየት መጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ስሌቱ ውስጥ የመደመርም ሆነ የማባዛት ስህተት የለም። ታዲያ ትክክለኛ ስሌት የተሳሳተ መልስ እንዴት ያወጣል?

ከትርጉሙ እንጀምር። log₂(8) ሲባል የሚጠየቀው «የ2 ስንተኛው ርቢ 8 ነው?» ነው። መልሱ 3 ነው፤ 2³ = 8 ስለሆነ። log₂(8) = 3 ብሎ መጻፍና 2³ = 8 ብሎ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው የሎጋሪዝም አጻጻፍ፣ ሁለተኛው የኤክስፖኔንሻል አጻጻፍ ይባላል። ከግርጌ የተጻፈችው ትንሽዋ 2 ቤዝ ትባላለች፤ ከዜሮ የምትበልጥና 1 ያልሆነች ቁጥር መሆን አለባት። ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር ደግሞ የግድ ከዜሮ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ርቢው ምንም ይሁን ምን ከ2 ዜሮም ኔጋቲቭም አይወጣም። 2⁵ = 32፣ 2⁰ = 1፣ 2⁻³ = 1/8። ርቢው ኔጋቲቭ ሲሆን ውጤቱ እያነሰ ይሄዳል እንጂ ከዜሮ በታች አይወርድም። ስለዚህ ሎጋሪዝሙ ራሱ −3 ቢሆን ምንም ችግር የለበትም፤ የተከለከለው ቅንፍ ውስጥ ኔጋቲቭ ማስገባት ነው። ሁለቱን እያምታቱ ደህናውን መልስ የሚሰርዙ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም።

አሁን ወደ እኩልዮሿ እንመለስ። ሁለት ሎጋሪዝሞች ስላሏት እንዳለች ወደ ኤክስፖኔንሻል አጻጻፍ መቀየር አይቻልም፤ መጀመሪያ አንድ መሆን አለባቸው። የሎጋሪዝሞች ድምር የብዜት ሎጋሪዝም ነው በሚለው ሕግ እንዲህ ትሆናለች፦

log₂(x(x − 6)) = 4

ወደ ኤክስፖኔንሻል ስንቀይራት፦

x(x − 6) = 2⁴ = 16

ቅንፉን ፈትተን 16ን ወደ ግራ ስናመጣው፦

x² − 6x − 16 = 0
(x − 8)(x + 2) = 0

x = 8 ወይም x = −2። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ወደ መጀመሪያዋ እኩልዮሽ እንውሰዳቸው። 8ን ስንተካ log₂(8) + log₂(2) = 3 + 1 = 4 ይሆናል፤ ልክ ነው። −2ን ስንተካ ደግሞ log₂(−2) + log₂(−8) ይሆናል። ሁለቱም ቅንፎች ውስጥ ኔጋቲቭ ገብቷል፤ ካልኩሌተሩም Math ERROR ብሎ ይቆማል። −2 ተሰረዘ።

ብዙ ተማሪዎች −2ን ያመጣው ወደ ኤክስፖኔንሻል መቀየሩ ይመስላቸዋል፤ አንዳንድ የማጠናከሪያ ወረቀቶችም «ወደ ኤክስፖኔንሻል ስትቀይሩ ትርፍ መልስ ሊመጣ ይችላል» ብለው ያልፉታል። ይህ ግን ከበደሉ ነፃ የሆነውን መክሰስ ነው። −2ን በሁለተኛው መስመር ላይ፣ ማለትም በ log₂(x(x − 6)) = 4 ላይ ተኩትና እዩት። −2 ሲባዛ በ−8፣ 16 ነው፤ log₂(16) ደግሞ 4 ነው። ልክ ነው! −2 የመጀመሪያው መስመር መልስ አይደለም፣ የሁለተኛው መስመር ግን ሙሉ መልስ ነው። ወደ ኤክስፖኔንሻል ከመቀየራችን በፊት ገብቶ ቁጭ ብሏል ማለት ነው።

የገባበት በር ሁለቱን ሎጋሪዝሞች አንድ ያደረግንበት መስመር ነው። የመጀመሪያው መስመር x ከዜሮ እንዲበልጥ፣ x − 6ም ከዜሮ እንዲበልጥ ይጠይቃል፤ ሁለቱ ሲደመሩ x ከ6 መብለጥ አለበት። ሁለተኛው መስመር የሚጠይቀው ግን ብዜታቸው ከዜሮ እንዲበልጥ ብቻ ነው። የሁለት ኔጋቲቮች ብዜት ፖዘቲቭ ስለሆነ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች ሁሉ በዚያ በኩል ይገባሉ። ሕጉ ራሱ ሐሰት አይደለም፤ log A + log B = log(AB) የሚሠራው A እና B እያንዳንዳቸው ከዜሮ ሲበልጡ ነው፤ ያንን ቅድመ ሁኔታ ግን በወረቀት ላይ የሚጽፈው ጥቂት ሰው ነው። ስኮትላንዳዊው ጆን ኔፒየር በ1614 የሎጋሪዝም ሠንጠረዡን ሲያሳትም ዓላማው ረጃጅም ማባዛትን ወደ መደመር መለወጥ ነበር። ሎጋሪዝምን ያስወደደው ያ ባሕርይ ነው፤ ዛሬ ወርክሺት ላይ ትርፍ መልስ የሚያስገባውም እሱው ነው።

«የኔጋቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም የለም» የሚለው ዐረፍተ ነገርም ቢሆን እንዲህ በዋዛ የተገኘ አይደለም። ላይብኒትስና ዮሐን ቤርኑሊ በ1712 እና 1713 በተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ተከራክረውበታል። ቤርኑሊ የ−x ሎጋሪዝም ከ x ሎጋሪዝም ጋር አንድ ነው ይል ነበር፤ ላይብኒትስ ደግሞ እንዲህ ያለ ሎጋሪዝም በእውነተኞቹ ቁጥሮች ውስጥ የለም ባይ ነበር። ቤርኑሊ ልክ ቢሆን ኖሮ log₂(−2) 1 ይሆናል፣ log₂(−8) 3 ይሆናል፣ ድምራቸው 4፤ −2ም ሳይሰረዝ ይኖር ነበር። ክርክሩን በ1749 የቋጨው ኦይለር ነው። ኔጋቲቭ ቁጥር ሎጋሪዝም አለው፣ እንዲያውም ስፍር ቁጥር የላቸውም፣ ነገር ግን ከመካከላቸው በቁጥር መስመር ላይ የሚገኝ አንድም የለም አለ። ወርክሺቱ የሚሠራው በቁጥር መስመር ላይ ባሉ ቁጥሮች ነው፤ −2 የሚሰረዘውም ለዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አደጋ ተማሪው «ኔጋቲቭ መልስ ሲወጣ ሰርዝ» የሚል አቋራጭ ሕግ ለራሱ ማውጣቱ ነው። በደንብ የተዘጋጀ ወርክሺት ይህን አቋራጭ አስቦ ወጥመድ ያስቀምጥለታል፦

log₂(3 − x) + log₂(1 − x) = 3

በዚያው መንገድ ስንሄድ (3 − x)(1 − x) = 8 ይሆናል፤ ተስተካክሎ x² − 4x − 5 = 0፤ መልሶቹ 5 እና −1። አቋራጩን የያዘ ተማሪ −1ን ሰርዞ 5ን ይጽፋል፤ ዜሮ ያገኛል። 5 ሲገባ ቅንፎቹ −2 እና −4 ይሆናሉ። −1 ሲገባ ግን 4 እና 2 ይሆናሉ፤ log₂(4) + log₂(2) = 2 + 1 = 3። እዚህ የተጣለው ፖዘቲቩ ነው፣ ያለፈው ኔጋቲቩ። የሚታየው የ x ምልክት ሳይሆን x ከገባ በኋላ ቅንፉ ውስጥ የሚቀረው ቁጥር ነው።

ሌላው ወጥመድ የበለጠ ያስቃል፦

log₂(2 − x) + log₂(x − 5) = 1

ሠርታችሁ ስትጨርሱ 3 እና 4 የሚሉ ሁለት ያማሩ ቁጥሮች ይወጣሉ። 3 ሲገባ ቅንፎቹ −1 እና −2፤ 4 ሲገባ −2 እና −1። ሁለቱም ይጣላሉ፤ እኩልዮሿ መልስ የላትም። ይህን ለማወቅ ግን ያ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም ነበር። የመጀመሪያው ቅንፍ x ከ2 እንዲያንስ ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ከ5 እንዲበልጥ። እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ዶሜይኑን አስቀድሞ የጻፈ ተማሪ በሁለት መስመር ጨርሶ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይሄዳል። በእኔ አስተያየት መጨረሻ ላይ ከመፈተሽ ይልቅ መጀመሪያ ላይ ዶሜይኑን መጻፍ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የማይታወቀው ቁጥር ቤዙ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ቅንፉን ማየት ብቻውን አይበቃም። logₓ(3x − 2) = 2 ወደ ኤክስፖኔንሻል ሲቀየር x² = 3x − 2 ይሆናል፤ መልሶቹ 1 እና 2። 1 ሲገባ ቅንፉ ውስጥ 1 ይቀራል፤ ፖዘቲቭ ነው፣ ምንም እንከን የለውም። 1² = 1 የሚለውም እውነት ነው። ነገር ግን ቤዙ 1 ሆነ። የ1 ርቢ ሁሉ 1 ስለሆነ «የ1 ስንተኛው ርቢ 1 ነው?» የሚለው ጥያቄ ማንኛውንም ቁጥር መልስ አድርጎ ይቀበላል፤ ስለዚህ ሎጋሪዝም አይሆንም። 1 ይጣላል፤ log₂(4) = 2 ስለሆነ 2 ይቀራል። ነፃ ነው ያልነው ወደ ኤክስፖኔንሻል የመቀየር እርምጃም ትርፍ መልስ የሚያስገባው እንዲህ ቤዙ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

እስካሁን ያየነው የሚተርፈውን ነው። የሚጠፋውስ? log₃(x²) = 4 ተሰጥቷል እንበል። ቀጥታ ወደ ኤክስፖኔንሻል የቀየረ ተማሪ x² = 81 ይጽፋል፤ 9 እና −9 ያገኛል፤ የሁለቱም ካሬ 81 ስለሆነ ሁለቱም መልስ ናቸው። ሌላው ተማሪ ርቢውን ወደ ፊት አምጥቶ 2 log₃(x) = 4 ይላል፤ log₃(x) = 2፤ x = 9። −9 የት ደረሰ? አሁን በሩ ጠበበ፦ x² ከዜሮ እንዲበልጥ የሚጠይቀው መስመር x ራሱ ከዜሮ እንዲበልጥ በሚጠይቅ ተተካ። ይህ ከትርፍ መልስ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ መልስን መልሶ መተካት የሚይዘው በእጅ ያለውን ቁጥር ነው። 9ን ተክቶ ልክ መሆኑን ያየ ተማሪ አንድ መልስ እንደጎደለው የሚነግረው ነገር የለም።

ወርክሺት ለምታርሙ መምህራን አንድ ልመና አለኝ። «የኔጋቲቭ ሎጋሪዝም የለም» ለሚል ዐረፍተ ነገር ብቻ ማርክ አትስጡ፤ ተማሪው −2 ሲገባ የትኛው ቅንፍ ስንት እንደሆነ ይጻፍ፤ ቁጥሩ በየትኛው መስመር ላይ እንደገባም በጣቱ ያሳያችሁ።